የስፌት ቤታችን የገና ቅናሽ ማስታወቂያ፦ 20% ይበዛል ወይስ ቦታውን ስቷል?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ጉለሌ ውስጥ ያለች የአንዲት ስፌት ቤት የፌስቡክ ገጽ የምይዘው እኔ ነኝ። ቤቷ ሁለት ልብስ ሰፊዎች፣ አንድ ረዳት፣ ሦስት የስፌት መኪናና አንድ የጨርቅ ጠርዝ መቋጫ ኦቨርሎክ አላት። ዋናው ሥራ የሐበሻ ቀሚስ ነው። ደንበኛዋ ሽማውን ከሽሮ ሜዳ ገዝታ ታመጣለች፤ እኛ ለክተን፣ ቆርጠን፣ ገበር አግብተን እንሰፋለን። የቀረው ማሳጠር፣ ማጥበብና ዚፕ መቀየር ነው።

ለ2018 ዓ.ም. ገና የሚወጣው ማስታወቂያ ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ! ከታኅሣሥ 1 እስከ 28 በሁሉም ስፌት 20% ቅናሽ። እስከ 3 ሰዓት ክፍት ነን። ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን።»

ሒሳቡንም ልንገራችሁ። አንድ ቀሚስ ስንሰፋ የእጅ ዋጋ 1,500 ብር እናስከፍላለን። ከዚህ ላይ ሰፊው 600 ይወስዳል፤ ገበር፣ ክርና ዚፕ 350 ይፈጃሉ፤ የኪራይና የመብራት ድርሻው 100 ያህል ነው። ለቤቱ 450 ብር ይቀራል። ማስታወቂያው ኅዳር 28 ይለቀቃል። ጥያቄዬ ሁለት ነው፤ ቅናሹ ይበዛል ወይ? ከጽሑፉስ የጎደለ ነገር አለ ወይ?

(ውይይቱ ስለረዘመ አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲመች የየምላሹን ፍሬ ነገር በራሴ ቃል ከታች በቁጥር አስቀምጫለሁ።)

ምላሽ 1

የመጀመሪያዋ ጸሐፊ ጥያቄውን ማስታወቂያ አድርጋ ነው ያነበበችው። ለሦስት ዓመት ልጇ ቀሚስ ማሰፋት እንደምትፈልግ ጽፋ ዋጋውንና ሱቁ የት እንደሆነ ጠየቀች፤ የሕፃን ልብስ ከአዋቂው በግማሽ ይሰፋ እንደሆነም ማወቅ ፈለገች። መልስ አልሰጠኋትም ነበር። ሌሎች በኋላ እንዳሳዩኝ ግን ይህች ሴት ከሁሉ በፊት የጠየቀችው ረቂቃችን የደበቀውን ነገር ነው።

ምላሽ 2

ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ ልብስ ሰፊ የውይይቱን መሠረት ጣሉ። ቅናሹ የሚቆረጠው ከ1,500 ላይ ሳይሆን ከ450 ላይ መሆኑን ነው መጀመሪያ ያስገነዘቡት። የ1,500 ሃያ በመቶ 300 ነው። ሰፊውም፣ ገበሩም፣ ኪራዩም ስለ በዓል ብለው አይቀንሱም፤ ስለዚህ 300ው በሙሉ ከቤቱ ድርሻ ይወጣና 150 ብር ይቀራል። በፊት በአንድ ቀሚስ ይገኝ የነበረውን ለማግኘት ሦስት ቀሚስ መስፋት ግድ ይሆናል።

ቀጥለው አቅማችንን አሰሉ። ሙሉ ገበር ያለው ቀሚስ ለመቁረጥ 40 ደቂቃ፣ ለመስፋት ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ለካውያና ለማጠናቀቂያ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ አምስት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ብቻ ይቀረዋል። ሁለት ሰፊዎች በቀን ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዓት ቢቀመጡ ማሳጠርና ማጥበቡም ጊዜ ስለሚበላ በቀን ሦስት ቀሚስ ይወጣል። ከታኅሣሥ 15 እስከ 28 እሑዶቹን ሳንቆጥር 12 የሥራ ቀን አለ፤ 36 ቀሚስ ማለት ነው። በሙሉ ዋጋ 16,200 ብር ለቤቱ ይተርፋል። በምሽቱ ሰዓት አንድ ቀሚስ ተጨምሮ በቀን አራት ቢደርስ 48 ይሆናል፤ ግን እያንዳንዱ 150 ብር ብቻ ስለሚያስቀር ድምሩ 7,200 ነው። ያውም የማታውን ተጨማሪ ክፍያ ሳናወጣ። እስከ ማታ ሠርቶ ከግማሽ በታች ማግኘት ነው ብለው ደመደሙ። ሰው በራሱ ፈቃድ በሚመጣበት ሳምንት ቅናሽ ማድረግ ትርጉም እንደሌለው፣ ቅናሽ የሚያስፈልገው መኪናው ሥራ ፈቶ በሚቆምበት በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ መጀመሪያ መሆኑን በትሕትና መከሩ።

ምላሽ 3

መርካቶ ውስጥ የተዘጋጀ ልብስ የሚሸጥ ወጣት አልተስማማም። ትርፍ ያለው ብዛት ውስጥ ነው ባይ ነው፤ ዋጋ ሲወርድ ሰው ይጎርፋል፣ ሌሊትም ሲሠራ ምርቱ እጥፍ ይሆናል። በቅናሽ የመጣች ደንበኛ ለጥምቀትና ለሠርግ ተመልሳ እንደምትመጣም አከለ። የኋለኛው ነጥቡ እውነት አለው፤ አዲስ ደንበኛ በራሱ ዋጋ አለው። የፊተኛው ግን ከመደርደሪያ ላይ አውርዶ የሚሸጥ ሰው ሒሳብ ነው። እሱ ዕቃው ካለቀ ሌላ ደርዘን ያስመጣል፤ ስፌት ቤት ግን የሚሸጠው የሁለት ሰዎችን እጅ ነው።

ምላሽ 4

አንጋፋው ተመልሰው ለምላሽ 3 መለሱ፤ ድምፃቸው እንደበፊቱ ለስላሳ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የተጨመረ ሦስት ሰዓት የቀኑን ሦስት ሰዓት ያህል ሥራ እንደማይሰጥ አስረዱ። ሰው ከሥራ የሚወጣው በዚያው ሰዓት ነው። አንዷ ልትለካ፣ ሌላዋ ልትሞክር፣ ሦስተኛው ልብሱን ሊወስድ ይመጣል፤ ሰፊው ደግሞ በየደቂቃው ከመኪናው ይነሳል። ስለዚህ የማታውን ሰዓት ከመጀመሪያው ለልክ መሞከሪያና ለመረከቢያ ብቻ መመደብ፣ ረዳቱን ከፊት ለፊት ማስቀመጥ፣ ሰፊዎቹን ከመጋረጃ ጀርባ መተው ይሻላል አሉ። ማስታወቂያውም ክፍት ነን ከማለት ይልቅ ማታ ማታ የሚሠራው ምን እንደሆነ ይጻፍበት።

ልክ መሞከሪያው ለምን ራሱን የቻለ ጊዜ እንደሚያስፈልገውም በዚሁ ጻፉ። ቀሚሱ ገበሩ ገብቶ፣ የታችኛው ጠርዝ ሳይዘጋ መለበስ አለበት። ትከሻው ወደ ኋላ ከሸሸ ወይም ዚፑ ወገብ ላይ ከተወጠረ ፈትቶ ለማስተካከል ግማሽ ቀን ይበላል። ከመረከቢያው በፊት አራት ቀን ካልቀረው ያ ግማሽ ቀን የሚመጣው ከሌላ ደንበኛ ተራ ላይ ነው።

ምላሽ 5

ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ስፌት ቤት ሒሳብ የምትይዝ ሴት ምላሽ 2ን በአንድ ነጥብ አረመች፤ እርማቷ ትክክል ነው። አንጋፋው ያሰሉት ሰፊው በቀሚስ ቁጥር እንደሚከፈለው አድርገው ነው። ሰፊው የወር ደመወዝተኛ ከሆነ ግን ቁጭ ብሎ ቢውልም 600ው አይቀርም፤ ኪራዩም እንደዚያው። በሥራ ፈት ሳምንት አንድ ቀሚስ በ1,200 ብር ቢሰፋ የገበር፣ የክርና የዚፕ 350 ሲወጣ 850 ብር ይገኛል፤ ባይሰፋ ግን ምንም አይገኝም። እንዲህ ያለ ቤት በታኅሣሥ መጀመሪያ 20% ቢቀንስ አይጎዳም። በቁጥር የሚከፍል ቤት ግን ከ10 ወይም ከ15 በመቶ ባያልፍ ይሻለዋል። የትኛው እንደሆንን ጠየቀችኝ። አንደኛው ሰፊያችን በወር፣ ሌላው በቁጥር ነው የሚከፈላቸው። ነገሩን የሚያወሳስበውም ይኸው ነው፤ በወር የሚከፈለው ሥራ እንዲበዛ አይፈልግም፣ በቁጥር የሚከፈለው ደግሞ ሥራው ሁሉ ለእሱ እንዲሰጠው ይፈልጋል።

ምላሽ 6

አንድ አባት ሁላችንም የዘነጋነውን አነሱ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የተባለው እኮ ያለ ምክንያት አይደለም አሉ። ለገና ሰው ነጭ ነጠላውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ዶሮው ላይ ያተኩራል፤ አዲስ ቀሚስ የሚወጣው ለጥር 11 ነው። በዚያ ላይ ጾመ ነቢያት ሲፈታ የሠርጉ ወቅት ይከፈትና ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ይቀጥላል። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 9 ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ 28 ላይ የሚቆም ማስታወቂያ ዋናው ጎርፍ ሳይመጣ በሩን ይዘጋል። በገናና በጥምቀት መካከል 12 ቀን ብቻ መኖሩን፣ ከዚያም ላይ የበዓሉ ማግሥትና እሑዶች እንደሚቀነሱ አስታወሱ። ታኅሣሥ 19ም የገብርኤል ዕለት ስለሆነ ወደ ቁልቢ የሚሄድ ሠራተኛ ካለ ዘንድሮ እሑድ ቢውልም የመንገዱን ቀናት ጨምራችሁ ቁጠሩ አሉ። ይህንን ካነበብኩ በኋላ የቤቱን የቀን መቁጠሪያ አውርጄ እያንዳንዱን ቀን ምልክት አደረግሁበት።

ምላሽ 7

እዚህ ላይ ውይይቱ ጋለ። አንዲት ደንበኛ ልብስ ሰፊዎችን በሙሉ ወቀሰች። ኅዳር ላይ 1,200 የነበረው ታኅሣሥ ሲገባ 1,500 ይባልና ቅናሽ ተደርጎልሻል ይሏታል። ለዋዜማ የተቀጠረው ቀሚስም ማታ ስትሄድ ገና ኦቨርሎክ ላይ ነው። የሥራ ሰዓቱ መራዘም ለደንበኛ ምቾት የታሰበ አይደለም፣ ከአቅም በላይ የተቀበሉትን ሥራ ለመጨረስ ነው አለች። አነጋገሯ ቢመርም የመጨረሻው አባባሏ ከምላሽ 2 ሒሳብ ጋር አንድ ነው።

ምላሽ 8

የንግድ ሕግ የሚያውቅ ሰው ተከተለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ እንደሚያስገድድ ጠቅሶ፣ ለዋጋ በውስጥ መስመር የሚለውን ሐረግ አጥፉት አለ። ሕጉን ለጊዜው ብንተወው እንኳ ጥርጣሬውን የፈጠረው ይኸው ሐረግ ነው ባይ ነው፤ ዋጋው በውስጥ የሚነገር ከሆነ ሁለት ደንበኞች አንድ ዋጋ መስማታቸውን ማንም አያውቅም። መፍትሔው ቀላል ነው። የቀድሞው ዋጋና የቅናሹ ዋጋ ጎን ለጎን ይጻፉ፤ የቀድሞው ዋጋ ደግሞ ባለፈው ወር በደረሰኝ ላይ የወጣው ይሁን። የቅናሹን ወሰን ሲያብራራ በሁሉም ስፌት የሚለውም አደገኛ መሆኑን ጠቆመ። ዚፕ ለማስቀየር የመጣች ሴት፣ ጥልፍ የምታስጠልፍ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚያሰፋ ሁሉ 20% ይጠይቃል። ጥልፉ ውጭ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ከሆነ ቤቱ በሌላ ሰው ዋጋ ላይ ቅናሽ ሰጠ ማለት ነው። እኛ ጥልፍ የምናሠራው ውጭ ነው፤ ይህን ሳላስብበት ቀርቼ ነበር።

ምላሽ 9

በስም ያልተገለጠ ልብስ ሰፊ ለምላሽ 7 በቁጣ መለሰ። ደንበኞችም ሽማውን በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው አምጥተው ለነገ ይላሉ፤ ቀብድ ሳይከፍሉ ያሰፉና ሳይወስዱት ይቀራሉ፤ ቀሚሱም በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ስለሆነ ማንም አይገዛውም አለ። ቀብዱ ግማሽ እንዲሆን፣ ያለ ቀብድ መቀስ እንዳይነሳ መከረ። ምላሽ 7ን የጻፈችው ሴት ቀብድ የከፈለ ሰው ነው የበለጠ የሚንገላታው ብላ መለሰችለት፤ ቀብዱን ከበሉ በኋላ ስልክ አያነሱም። አንድ ሁለት ጊዜ ተመላለሱና ሌሎች ገብተው አበረዱት። ከዚህ ውስጥ ፍሬ ያገኘሁት የባሕር ዳሯ ሴት ጣልቃ ስትገባ ባነሳችው ሐሳብ ነው፦ ቀብድ መቀበያው ወረቀት ላይ ሁለት ቀን ይጻፍ፣ የልክ መሞከሪያው ቀንና የመረከቢያው ቀን። የመሞከሪያው ቀን በቤቱ ጥፋት ካለፈ ቀብዱ ወዲያው ይመለስ። ደንበኛዋ ካልመጣች ደግሞ ተራዋ ያልፋል። ሁለቱም ወገን ምን እንደሚያጣ አስቀድሞ ያውቃል።

ምላሽ 10

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ሴት ስለ ሰዓቱ ጻፈች። ለገና አገር ቤት ለሚመጣ ሰው እስከ 3 ሰዓት ሲባል ከቀትር በኋላ የሚዘጋ ይመስለዋል፤ በተለይ ገጹ ላይ በእንግሊዝኛ ሰዓት የተሞላውን አይቶ ከሆነ። ጽሑፉ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተብሎ ይጻፍ፣ የገጹ የሥራ ሰዓት ቦታ ላይ ግን 8:00 AM – 9:00 PM ተብሎ ይሞላ አለች። ገጻችንን ስከፍት 3:00 PM ተብሎ ተሞልቶ አገኘሁት፤ ወዲያው አስተካከልኩት። ቀኖቹንም በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጡ ብላ ለምሳሌ ታኅሣሥ 18 ዲሴምበር 27 መሆኑን ጠቀሰች። ከዚያ ቀሚስ ወደ አሜሪካ በሰው ስለመላክ ረዘም ያለ ጥያቄ አስከተለች፤ ሌሎችም ስለ ሻንጣ ኪሎ ተነጋገሩ። ያንን አልፌዋለሁ።

ምላሽ 11

ሽማ የምትሸጥ ሴት የቅናሹን ነገር ወደ ጨርቁ መለሰችው፤ ለእኔ ከውይይቱ ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው። ማስታወቂያው የሚጠራው የእጅ ሽመና የሚያመጡ ሰዎችን ነው፤ የእጅ ሽመና ደግሞ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ጥለቱ የሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ክር ካለበት እንደ ጥጡ አይሰበሰብም። ስለዚህ ሳይታጠብ የተሰፋ ቀሚስ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ጥለቱ ላይ ይሸበሸባል፤ ገበሩም ከጨርቁ ረዝሞ ከታች ይወጣል። ደንበኛዋ ይህን ስታይ ሰፊውን ትወቅሳለች።

እንዴት እንደሚታወቅም አስረዳች። ከጨርቁ ጥግ 20 ሴንቲ ሜትር ለክቶ በሁለት በኩል በክር ምልክት ማድረግ፣ ያንኑ ቦታ በቀዝቃዛ ውኃ አርጥቦ በጥላ ማድረቅ፣ እንደገና መለካት። 19 ከሆነ ከሃያ አንድ እጅ ሄዷል፤ 140 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ቀሚስ ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ቀሚሱ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲጠበቅ ከዚያ በላይ ይቀራል። በዚያው ሙከራ ቀለሙም ይታያል፤ የረጠበውን ጥለት በነጭ ጨርቅ ተጭኖ ማየት ነው፤ ነጩ ከቀላ ጥለቱ ሌላውን ነጭ ያበላሻል። እንዲህ ያለው ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ሌሊቱን ተነክሮ፣ ሳይጨመቅ ተሰጥቶ፣ ጥቂት እርጥበት እያለው በካውያ ተዳምጦ ነው የሚቆረጠው። ቢያንስ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ቀለሙ የሚለቅ ከሆነ ግን ጥለቱን ለብቻ እስኪያጠሩት ድረስ አትንከሩ አለች። ስለዚህ ማስታወቂያው ቶሎ አምጡ የሚልበትን ምክንያት በዚህ ቢገልጸው ሰው ይሰማል ባይ ናት።

ምላሽ 12

አንድ ሰፊ በእንፋሎት ካውያ ደህና አድርጎ መዳመጥ ይበቃል ብሎ ተቃወመ፤ አብዛኛው ደንበኛ ቀሚሱን በዓመት ሁለቴ ለብሶ አያጥበውም፣ ለደረቅ እጥበት ነው የሚሰጠው። ሽማ ሻጯ እንፋሎቱ ጥቂቱን እንጂ ሁሉንም እንደማይሰበስብ፣ ደንበኛዋ ደረቅ እጥበት እንደምትሰጥም ማንም ቃል እንዳልገባ መለሰች። አንጋፋው የሁለቱን ሐሳብ መሐል ላይ አስታረቁት፤ ጨርቁ ሳይታጠብ ይቆረጥ የምትል ደንበኛ ካለች ወረቀቱ ላይ ይጻፍና ትፈርም። ሁለቱ ግን እስከ መጨረሻው አልተስማሙም።

ምላሽ 13

ሱፉ የጠበበበት ሙሽራ ጣልቃ ገብቶ ኮቱን ማስፋት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። የመጣው መልስ አጭር ነው፤ በጀርባውና በጎኑ ስፌት ውስጥ ስንት ሴንቲ ሜትር ጨርቅ እንደቀረ ገበሩን ገልጦ ማየት ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ካለ በየስፌቱ ጥቂት ይለቀቃል፤ ጨርቁ ተቆርጦ ጠባብ ሆኖ በኦቨርሎክ የተያዘ ከሆነ የሚለቀቅ የለም። ትከሻው ከጠበበ ግን ጊዜውን አያጥፋ ተባለ። አንጋፋው ከዚህ ተነሥተው ቀሚስ ላይም በጎን በኩል ሁለት ሴንቲ ሜትር መተው ለበዓል ወቅት ልማድ መሆን እንዳለበት አነሱ፤ ኅዳር ላይ የተለካች ሴት ጥር ላይ ያው ልክ ላይሆናት ይችላል።

ምላሽ 14

ስለ ማታ ሥራ ሌላ ሰፊ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ማታ አትቁረጡ አለ። የተሳሳተ ስፌት ይፈታል፤ የተሳሳተ መቀስ ግን አይመለስም፣ በተለይ ጥለቱ ወደ አንድ ወገን የሚሄድ ሲሆን የፊቱና የኋላው ሥዕል ተገልብጦ ይቆረጣል። ክርም በቀን ብርሃን ይመረጥ፤ በአምፖል ሥር ነጩና ወተት መሳዩ ክር አንድ ይመስላሉ፣ ጠዋት ግን ይለያያሉ። በእሱ ልማድ ጠዋት የቀኑ ሁሉ ይቆረጣል፣ ኦቨርሎክና ካውያ መብራት እያለ ቀን ይሠራሉ፤ ለማታ የሚቀረው ጠርዝ በእጅ መቀልበስ፣ ቁልፍ መትከልና መንጠቆ መስፋት ነው። መብራት ቢጠፋም እነዚህ በሚሞላ መብራት ይሠራሉ፤ በእግር የሚሠራ ሲንጀር ያለውም ቀጥታ ስፌቱን ይቀጥላል።

አንዱ ወዲያው የአዲስ አበባ አስተዳደር በዋና ዋና መንገዶች ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3:30 እንዲሠሩ ማዘዙን አንስቶ፣ እስከ 3 ሰዓት መክፈት ለመንገድ ዳር ቤት እንደ ልዩ ነገር የሚታወጅ አይደለም አለ። የእኛ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ያለች ናት። ቢሆንም ነጥቡ ማስታወቂያውን ይመለከታል፤ ሰዓቱ ሳይሆን በሰዓቱ የሚሰጠው አገልግሎት ነው ለደንበኛ አዲስ የሚሆንላት።

ምላሽ 15

ገጽ የሚያስተዳድር ወጣት ስለ አለቃቀቁ ጻፈ። ዋጋውና ቀኑ በሥዕሉ ላይ ብቻ ሳይሆን በጽሑፉም ውስጥ ይኑር፤ ሥዕሉ በቴሌግራም ብቻውን ሲዘዋወር ጽሑፉ ይቀራል፣ ፌስቡክ ላይ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በሥዕል ውስጥ ያለውን ቃል አያገኘውም። ሥዕሉ ላይ ዓመተ ምሕረት ይጻፍ፤ ያለዚያ የዘንድሮው ቅናሽ በሚቀጥለው ታኅሣሥ እንደ አዲስ ይጋራና ሰው ያንን ይዞ ይመጣል። ጽሑፉ ከገጹ ራስ ላይ ይሰካ፣ ትዕዛዝ የሞላ ዕለት እዚያው ጽሑፍ ላይ ሞልቷል ተብሎ ይታረም። ዋጋ የጠየቀ ሰው ሁሉ በግልጽ ይመለስለት፤ የአንዱ መልስ ለሃያ አንባቢ ያገለግላል። ምላሽ 1ን የጻፈችውን ሴት እስካሁን ማንም እንዳልመለሰላትም ጠቆመ። መለስኩላት፤ የሕፃን ቀሚስ ጨርቁ ቢያንስም አንገቱ፣ እጅጌውና ዚፑ ያው ሥራ ስለሆነ ግማሽ ዋጋ አይደለም፣ 900 ብር ነው።

ምላሽ 16

የታረመውን ረቂቅ አቀረብኩ። ሙሉ ገበር ያለው የሐበሻ ቀሚስ ስፌት የቀድሞ ዋጋ 1,500፣ ሽማውን እስከ ታኅሣሥ 10 ላመጣች 1,275 ብር፤ ጥልፍና ጥገና ቅናሹ ውስጥ አይገቡም። ከታኅሣሥ 11 እስከ 18 በሙሉ ዋጋ እንቀበላለን። ከ19 ጀምሮ ለገና አዲስ ቀሚስ አንቀበልም፤ ማሳጠርና ማጥበብ እስከ 26 ይቀጥላል። ከታኅሣሥ 15 እስከ 28 ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ለልክ መሞከሪያና ለመረከቢያ ብቻ ክፍት ነን። ቀብድ ግማሽ፣ በቴሌብርም ይቻላል።

የባሕር ዳሯ ሴት 15%ቱን ወደደችው፤ 225 ብር ሲቀነስ ከ450 ግማሹ ይተርፋል። በወር የሚከፈለው ሰፊ የታኅሣሥ መጀመሪያውን ሥራ ቢይዝ የበለጠ እንደሚቀረን ጨመረች። አንጋፋው ሰፊ ግን ጥምቀቱን አሁንም አልጠራችሁትም አሉ።

ምላሽ 17

የጥምቀቱ ነገር ላይ ሁለት ሐሳብ ቀረ። አንጋፋው ከታኅሣሥ 19 ጀምሮ የጥምቀትን ትዕዛዝ መቀበል ይቻላል፣ ጨርቁ ይለካ፣ ይነከር፣ ይድረቅ እንጂ ገና እስኪያልፍ መቀስ አይነካው ይላሉ። ጥር 1 ላይ መቀበል ቆሞ፣ ልክ መሞከሪያው እስከ ጥር 6 አልቆ፣ ከተራው እሑድ ስለሚውል ቅዳሜ ጥር 9 ማታ ሁሉም ይረከባል። የባሕር ዳሯ ሴት በዚህ አልተስማማችም፤ የገናው ሥራ ሳያልቅ ሌላ ጨርቅ ቤት ውስጥ ከገባ ሁለቱ ይቀላቀላሉ፣ ቀብዱም ለገና ገበር መግዣ ይውላል፣ ጥር ላይ ገንዘቡ አይኖርም። ከተቀበላችሁ የጥምቀቱን ቀብድ ለብቻ አስቀምጡ፣ ጨርቁም የባለቤቷ ስምና የመሞከሪያ ቀኗ ተጽፎበት በሌላ ከረጢት ይሁን አለች። የከረጢቱን ሐሳብ አንጋፋውም ተቀበሉት። ትዕዛዙን መቼ እንጀምር በሚለው ላይ ግን ሁለቱም በየሐሳባቸው ጸንተዋል፤ ሰፊዎቻችን ኅዳር 27 ማታ ተሰብስበው ይወስኑበታል።